ሥራው ከመጀመሩ በፊት ባለው አንድ ደቂቃ

ብዙ መሥሪያ ቤቶች የዳታቤዛቸውን መጠባበቂያ ቅጂ የሚወስዱት ሌሊት፣ ተጠቃሚ በማይበዛበት ሰዓት ነው። በሊነክስ ሰርቨር ላይ ሥራውን የሚያስጀምረው ክሮን የሚባለው ፕሮግራም ነው። ክሮን የሚያውቀው ሰዓቱን ብቻ ነው። ዲስኩ ሞልቶም ሆነ ኔትወርኩ ተቋርጦ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ያስጀምራል። ስለዚህ ሁኔታውን መፈተሽ ያለበት ራሱ ስክሪፕቱ ነው፤ ያውም አንድም ፋይል ከመንካቱ በፊት።

የትናንቱ ቅጂ 12 ጊጋባይት ነበር እንበል። ዳታ እያደር ስለሚጨምር ሩብ ያህል መጨመርና 15 ጊጋባይት ባዶ ቦታ መጠየቅ ይበጃል። ያለው 9 ብቻ ከሆነ ሥራው መጀመር የለበትም። ቅጂው የሚጻፈው ዳታቤዙ ባለበት ዲስክ ላይ ከሆነማ ጉዳቱ የከፋ ነው፦ ዲስኩ ጢም ብሎ ሲሞላ ፖስትግሬስ ራሱ መጻፍ አቅቶት ይቆማል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ነገር አለ። የመጠባበቂያው ዲስክ ሰርቨሩ እንደገና ሲነሣ ሳይያያዝ ቢቀር፣ `/backup` የሚለው ፎልደር ግን በቦታው ይኖራል። `df` ያኔ የሚያሳየው የዋናውን ዲስክ ባዶ ቦታ ነው፤ ስክሪፕቱም በዚያ ተታሎ ቅጂውን እዚያው ይጽፋል። ስለዚህ ቦታው ከመለካቱ በፊት ዲስኩ መያያዙ ይጠየቅ፦

```
mountpoint -q /backup || exit 1
df -BG --output=avail /backup
nc -z -w 5 10.0.0.5 22 || exit 1
pg_isready -h localhost
```

ሦስተኛው መስመር ቅጂው የሚላክበት ሰርቨር በሚፈለገው ፖርት መቀበል አለመቀበሉን ያያል። ፒንግ መመለሱ ይህን አያረጋግጥም። የመጨረሻው ዳታቤዙን ይጠይቃል፦ 0 ከመለሰ ዝግጁ ነው፤ 1 ከሆነ ገና እየተነሣ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሞከር ያዋጣል፤ 2 ከሆነ መልስ የለም። ዲስክ ሲጠብ ግን ደጋግሞ መሞከር ትርፍ የለውም፤ ቦታ የሚያስለቅቅ ሰው ያስፈልጋል።

ፍተሻው የሚናገረው ስለዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ኔትወርኩ ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ አዲሱ ቅጂ በጊዜያዊ ስም ይጻፍ፤ ሲጠናቀቅ ስሙ ይቀየር፤ አሮጌው የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። አሮጌውን አስቀድሞ የሚያጠፋ ስክሪፕት ዳታቤዙ መልስ ባልሰጠበት ሌሊት ሁለቱንም ያሳጣል።

የቆመ ሥራ መቆሙን ሰው ካላወቀ ፍተሻው ከንቱ ነው። ጊትላብ የተባለው ኩባንያ በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ዳታቤዙ በስሕተት ሲጠፋበት፣ የየዕለቱ ቅጂ በፕሮግራም ሥሪት አለመጣጣም ሲከሽፍ መቆየቱ ታወቀ። የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎቹን ተቀባዩ የኢሜይል ሰርቨር ሲመልሳቸው ነበር። ስድስት ሰዓት ገደማ የተመዘገበ ዳታም ጠፋ። ሰርቨር የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ የውድቀት መልእክት እስኪመጣ አትጠብቁ፤ በየሌሊቱ የስኬት ምልክት ለሌላ ሰርቨር ይላክ፣ ምልክቱ በቀረ ጊዜም ያ ሰርቨር ይጥራችሁ።