አገልግሎት ሲቋረጥ፡ የሰርቨሮችን መዝገብ በአንድ ሰዓት መለኪያ ማንበብ

አንድ የኮምፒዩተር አገልግሎት በድንገት ሲቋረጥ ባለሙያዎች በቅድሚያ የሚመለከቱት ሰርቨሮች ተግባራቸውን ከነሰዓቱ የሚያሰፍሩበትን መዝገብ፣ በተለምዶ «ሎግ» የሚባለውን ነው። ከመዝገቡ የሚፈለገው ዋነኛ መልስም በመጀመሪያ የወደቀው የትኛው ማሽን እንደሆነ ማወቅ ነው። ይሁንና ማሽኖቹ የተሞሉት በተለያየ የሰዓት ቀጠና ከሆነ የተመዘገበውን ሰዓት እንዳለ ማነጻጸር ውጤቱን መንስኤ፣ መንስኤውንም ውጤት አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። በዚህም ችግር ያልነበረበት ማሽን ሲጠገን ይከረምና ትክክለኛው ብልሽት ሳይነካ ይቀራል።

ጉዳዩን ግልጽ ለማድረግ በምሳሌነት የቀረበ አንድ ሁኔታ እንመልከት። ተቀማጭነቱ አዲስ አበባ የሆነ አንድ ድርጅት ሦስት ሰርቨሮች አሉት እንበል። የደንበኞችን ጥያቄ የሚቀበለው የመግቢያ ሰርቨር በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት፣ ማለትም በዩቲሲ ተሞልቷል። ድረ ገጹን የሚያስተናግደው ሰርቨር ከዩቲሲ በ3 ሰዓት በሚቀድመው በኢትዮጵያ ሰዓት ይሠራል። ዳታቤዙ ያለው ደግሞ በጀርመን ፍራንክፈርት ሲሆን የሚከተለውም የዚያኑ አገር ሰዓት ነው።

እ.ኤ.አ ኦክቶበር 26 ቀን 2025፣ ይኸውም ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም ለእሁድ አጥቢያ፣ አገልግሎቱ ተቋረጠ። ከሦስቱ መዝገቦች የተገኙት መስመሮች በአጭሩ የሚከተሉት ናቸው።

```
gw1   2025-10-26T01:14:06Z  504
db1   Oct 26 02:13:05 kernel: Out of memory: Killed process
web1  2025/10/26 04:14:06 [error] upstream timed out
```

መስመሮቹን እንደተጻፉ የሚያነብ ሰው በመጀመሪያ የመግቢያ ሰርቨሩ፣ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ዳታቤዙ፣ በመጨረሻም ድረ ገጹ ወደቁ ብሎ ይደመድማል። ፍለጋውንም ከመግቢያው ይጀምራል። ሆኖም ይህ ድምዳሜ ስህተት ነው።

ለስህተቱ አንዱ ምክንያት ሁሉም መዝገብ ቀጠናውን አብሮ የማይጽፍ መሆኑ ነው። በመጀመሪያው መስመር መጨረሻ የምትታየው `Z` የተባለች ፊደል ሰዓቱ ዩቲሲ መሆኑን ታመለክታለች። በሁለተኛው መስመር ያለው የቆየው የሲስሎግ አጻጻፍ ግን ቀጠናውን ቀርቶ ዓመተ ምሕረቱንም አይዝም። ሦስተኛው መስመር የተወሰደው `nginx` ከተባለው የድረ ገጽ ሰርቨር የስህተት መዝገብ ነው። ይህ ፕሮግራም የጎብኝዎችን ጥያቄ በሚያሰፍርበት መዝገብ ላይ `+0300` የሚል ምልክት በተለመደው አጻጻፉ ሲጨምር፣ በስህተት መዝገቡ ላይ ግን አይጨምርም። በመሆኑም የእያንዳንዱን ማሽን ቀጠና `timedatectl` በሚለው ትእዛዝ አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የአዲስ አበባውን ሰዓት ወደ ዩቲሲ መመለስ ቀላል ነው። ኢትዮጵያ በዓመቱ ውስጥ ሰዓቷን ስለማትቀይር ከ04:14:06 ላይ 3 ሰዓት ሲቀነስ 01:14:06 ይሆናል። ይህም ከመግቢያ ሰርቨሩ መስመር ጋር በሰከንድ ይገጥማል። ስለዚህ ሁለቱ ማሽኖች የመዘገቡት አንድ ክስተት ነው።

አስቸጋሪው የፍራንክፈርቱ ሰዓት ነው። ጀርመን ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ከዩቲሲ በ2 ሰዓት፣ በቀሩት ወራት ደግሞ በ1 ሰዓት ትቀድማለች። ለውጡ የሚደረገው በኦክቶበር የመጨረሻው እሁድ ሲሆን፣ በ2025 ይህ ቀን በምሳሌያችን በተጠቀሰው ሌሊት ላይ ውሏል። በዚያች ሌሊት ሰዓቱ 3:00 ሲደርስ ወደ 2:00 ተመልሷል። ስለሆነም 02:13:05 የሚባል ሰዓት በፍራንክፈርት ሁለት ጊዜ አልፏል ማለት ነው። የመጀመሪያው በዩቲሲ 00:13:05፣ ሁለተኛው ደግሞ 01:13:05 ነው። ዳታቤዙ የቆመው ስህተቱ ከመታየቱ ከ61 ደቂቃ በፊት ነው ወይስ ከ61 ሰከንድ በፊት የሚለው ጥያቄ የሚነሳውም በዚህ የተነሳ ነው።

መልሱ የሚገኘው መዝገቡን በሰዓት ከመደርደር ሳይሆን መስመሮቹ በፋይሉ ውስጥ የተጻፉበትን ቅደም ተከተል ከመከተል ነው። ሰዓቱ ከ02:59 በኋላ ተመልሶ 02:00 የሚልበት ቦታ ይፈለጋል። ከዚያ በፊት ያሉት መስመሮች በ2 ሰዓት ብልጫ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት በ1 ሰዓት ብልጫ ይታሰባሉ። በማሽኑ ላይ የሲስተምዲ ጆርናል ካለ ደግሞ `journalctl --utc` የሚለው ትእዛዝ ያንኑ መልእክት በዩቲሲ ያወጣዋል፤ ጆርናሉ ጊዜን የሚያስቀምጠው ከቀጠና ነጻ በሆነ ቁጥር ነውና። በምሳሌያችን መስመሩ የተገኘው ሰዓቱ ወደኋላ ከተመለሰ በኋላ በመሆኑ ትክክለኛው ሰዓት 01:13:05 ነው።

ይህንን ውጤት ሌላ ማስረጃም ያጠናክረዋል። `nginx` ከኋላው ካለው ፕሮግራም መልስ የሚጠብቀው፣ ካልተቀየረ በስተቀር፣ ለ60 ሰከንድ ነው። የስህተት መስመሩንም የሚጽፈው ጥበቃው ሲያበቃ እንጂ ሲጀምር አይደለም። ስለዚህ 01:14:06 ላይ የተመዘገበው ስህተት የ01:13:06 ጥያቄ ነው፤ ይህም ዳታቤዙ ከቆመ ከ1 ሰከንድ በኋላ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው አንድ ሰዓት ዳታቤዙን የሚጠይቁ ገጾች በትክክል ሲስተናገዱ እንደነበር የመግቢያ ሰርቨሩ መዝገብ ካሳየ ጥርጣሬው ሙሉ በሙሉ ይወገዳል። የመቋረጡ መንስኤም የዳታቤዝ ማሽኑ የማስታወሻ አቅም ማለቅ መሆኑ ይታወቃል።

በአገራችን ሊታወስ የሚገባው ተጨማሪ ጉዳይ የሰው ማስታወሻ ነው። የሌሊት ተረኛው በደብተሩ «ቅዳሜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ14 ደቂቃ» ብሎ ቢጽፍ በማሽኑ አቆጣጠር እሁድ 04:14 ማለት ነው። ይህንን 10:14 ብሎ የሚያነብ ሰው በ6 ሰዓት ይሳሳታል። የእኛ ቀን የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ፣ የማሽኑ ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በመሆኑም የዕለቱ ስም ሊለያይ ይችላል።

ቀጠናን ማስተካከል ግን የተዛባ ሰዓትን አያርምም። አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ያለውን የደንበኛ ጥያቄ በሁለት መዝገቦች ላይ ፈልጎ ሰዓቱን ማቀናነስ ጥሩ መፈተኛ ነው። በአዲስ አበባና በዩቲሲ መካከል ልዩነቱ በትክክል 3 ሰዓት ሊሆን ሲገባው 3 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከሆነና ጥያቄው ራሱ ይህን ያህል ያልዘገየ ከሆነ፣ ትርፉ 4 ደቂቃ የአንደኛው ማሽን ሰዓት መዛባት ነው። `chronyc tracking` የተባለው ትእዛዝ፣ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ማሽን ላይ፣ የወቅቱን መዛባት ያሳያል። ሰዓታቸው በ3 ሰከንድ የሚለያይ ማሽኖች በ1 ሰከንድ ልዩነት ከመዘገቧቸው ክስተቶች የትኛው እንደቀደመ መወሰን አይቻልም።

ለወደፊቱ ሁሉንም ሰርቨሮች በዩቲሲ መሙላትና እያንዳንዱ መስመር ዓመቱንና የቀጠናውን ልዩነት እንዲይዝ ማድረግ ድካሙን ይቀንሳል። ቀጠናው ሲቀየር አስቀድመው የተነሱ ፕሮግራሞች እንደገና እስኪጀመሩ ድረስ በቀድሞው ሰዓት ሊጽፉ ስለሚችሉ ለውጡ የተደረገበት ሰዓት ተመዝግቦ ሊያዝ ይገባል። ያለፉት መዝገቦችም የሚቀየሩት በቅጂ ላይ ብቻ ነው፤ ዋናው ፋይል ከተነካ ከላይ እንደታየው ያለ ወደኋላ የተመለሰ ሰዓት ዱካው ይጠፋል።