በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠለጥን ታዳጊ፦ ምን ይብላ? መቼ ይብላ?

በብስራተ ገብርኤል የሚኖር፣ 55 ኪሎ የሚመዝን የ16 ዓመት ልጅ እናስብ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ 10፡30 ጀምሮ እግር ኳስ ይለማመዳል። ቁርሱን ጠዋት 1 ሰዓት፣ ምሳውን 6 ሰዓት፣ እራቱን ደግሞ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ይበላል። ከምሳ እስከ እራት ባለው ስምንት ሰዓት ግን ምንም አይቀምስም። ልምምዱ ደግሞ የሚውለው እዚሁ መሀል ነው። ብዙ ጊዜ የምናየው ችግር ይህ ነው፤ ምግቡ ጥሩ ቢሆንም ሰዓቱ አይገጥምም።

ጡንቻ ሲሮጥ በዋናነት የሚያቃጥለው ከእንጀራ፣ ከዳቦና ከድንች የሚገኘውን ኃይል ሰጪ ምግብ ነው። ስለዚህ በልምምድ ቀን ከሳህኑ ግማሽ ያህሉን ይህ ይያዝ። ልምምድ ሊጀመር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀር ሙዝና ዳቦ ወይም በሶ ይበቃል። ቅባት የበዛበት ወጥ ግን በዚያ ሰዓት ሆድ ያከብዳል።

ሰውነትን የሚገነባው ፕሮቲን ለዚህ ልጅ በቀን 80 ግራም ገደማ ያስፈልገዋል። ቁርስ ላይ ሁለት እንቁላል፣ ዳቦና አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 26 ግራም ይሰጡታል። ምሳ ላይ ጠቀም ያለ የምስር ወጥ ከእንጀራ ጋር ሌላ 26 ግራም ያህል ይሆናል። ከልምምድ በኋላ አንድ ብርጭቆ ወተት ከዳቦ ጋር ወደ 12 ግራም ይጨምርለታል። እራት ላይ ሽሮ ወይም ጥቂት ሥጋ በእንጀራ ሲበላ የቀረው ይሞላል። የሚሸጥ የፕሮቲን ዱቄት አያስፈልገውም።

ብረትም መዘንጋት የለበትም፤ በተለይ የወር አበባ ለሚያዩ ሴት ልጆች። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ከምስርና ከሽሮ የሚገኘው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳሉ። ሻይው ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ከምግቡ ጋር ደግሞ ቲማቲም ወይም ብርቱካን ይቅረብ።

ቅዳሜና እሑድ ልምምድ ስለሌለ የእንጀራው መጠን በጥቂቱ ሊቀንስ ይችላል። እንቁላሉ፣ ወተቱና ምስሩ ግን አይቀነሱ፤ ሰውነት የሚጠግነው በዕረፍት ቀንም ነው።

በረመዳን የምግቡ መጠን አይቀንስም፤ በኢፍጣርና በሱሑር መካከል ይከፋፈላል እንጂ። ጠንከር ያለውን ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ ይሻላል። ኢፍጣር ላይ ተምርና ውሃ፣ ከልምምድ በኋላ ሙሉ እራት፣ ሱሑር ላይ ደግሞ እንቁላልና ገንፎ ይኑር። ውሃውን በአንድ ጊዜ ከመጠጣት ሌሊቱን በሙሉ ቀስ እያሉ መጠጣት ይመረጣል።

ምግቡ እንዳልበቃ የሚናገሩ ምልክቶች አሉ። ክብደት ይቀንሳል፣ ድካም አይለቅም፣ ጉዳት ይደጋገማል፣ የሴት ልጅ የወር አበባ ይቋረጣል። እነዚህ ሲታዩ ልምምዱን ቀነስ አድርገን ልጁን ወደ ጤና ተቋም እንውሰድ።