ማንገቻው እንዴት ተሰፋ?

«እጅግ ማራኪ፣ ወደር የለሽ፣ ምርጥ የእጅ ሥራ ቦርሳ!» በቴሌግራም ከሚሸጡ የቆዳ ቦርሳዎች ፎቶ ሥር እንዲህ ያለ ጽሑፍ አይታጣም። ይኸው ጽሑፍ ከፋብሪካ በወጣ የፕላስቲክ ቦርሳ ሥር ቢለጠፍም ያስኬዳል። ባለሙያው ወስፌ ይዞ የዋለበት ሥራ ግን በውስጡ የለም።

ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የሚያያዝበትን ቦታ ለአብነት ያህል መውሰድ ይቻላል። ሸክሙን ሁሉ የሚችለው እሱ ነው። የስፌት መኪና በሁለት ክር ይሠራል፤ የላዩና የታቹ ክር በቆዳው መካከል ይቆላለፋሉ። አንደኛው ሲበጠስ ቁልፉ ስለሚላላ፣ ስፌቱ ከዚያ ጀምሮ እየተተረተረ ሊሄድ ይችላል። የእጅ ሰፊው አንድ ረጅም ክር በሰም ያሽና በሁለቱም ጫፎች መርፌ ይሰካል። በወስፌ በከፈተው በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለቱን መርፌዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ያሳልፍና ክሩን ግራና ቀኝ ይስበዋል። በዚህ ዓይነት ስፌት አንድ ቦታ ላይ ክሩ ቢበጠስ እንኳ፣ በሌላው በኩል የሚያልፈው ክር ቆዳውን እንደያዘ ይቆያል።

ይህ ሁሉ ለገዢ መነገር የለበትም። ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገሮች ይበቃሉ፦ «ማንገቻው በሰም በታሸ ክርና በሁለት መርፌ በእጅ የተሰፋ ነው። አንድ ቦታ ላይ ክሩ ቢበጠስ የቀረው ስፌት አይተረተርም።» «ምርጥ» የሚል ቃል የለም፤ ገዢው ግን የሚከፍለው ለምን እንደሆነ ያውቃል። የቦርሳው አካል በመኪና ተሰፍቶ ማንገቻው ብቻ በእጅ ከተሠራ ደግሞ እንደዚያው መጻፍ አለበት። ጠቅላላውን «የእጅ ሥራ» ማለት ስፌት የሚያውቅ ደንበኛ ፊት ያሳፍራል።

ቆዳውም በስሙ ይጠራ። የኢትዮጵያ የበግ ሌጦ ስስና ለስላሳ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ በዓለም ገበያ ለጓንት ይፈለጋል፤ ለቦርሳ ሲውል ግን ቅርጹን እንዲይዝ ጀርባው ላይ ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል። ወፍራም የከብት ቆዳ ብቻውን ይቆማል፣ ክብደቱ ግን ይጨምራል። «እውነተኛ ቆዳ» የሚለው ሐረግ ከእነዚህ አንዱንም አይናገርም።

ብዙ ሻጮች የሚዘሉት የቆዳውን ጠባይ ነው። በተክል ቅርፊት የተለፋና ቀለም ያልተቀባ ቆዳ ብርሃንና የእጅ ወዝ ሲያገኘው እየጠቆረ ይሄዳል፤ የውሃ ጠብታም ምልክት ሊተውበት ይችላል። ገጹ ካልተፋቀ እሾህ የቧጨረው ወይም መዥገር የነከሰው ቦታ ይታያል። ይህ አስቀድሞ ካልተነገረ ደንበኛው እንደ ጉድለት ቆጥሮት ቦርሳውን ይመልሳል። ጥሩ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ሲሸጥ ቀለሙ እንደ ማር ነው፤ እየተያዘ ሲሄድ ይጠቁራል። ዝናብ ከነካው በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር ከተሰጣ ይደርቅና ይሰነጠቃል።»