ዕድገትን የሚገቱ ሁለት ስውር ሕመሞች

በአንድ ክፍል ከሚማሩ ልጆች መካከል አንዱ ረጅም፣ ሌላው አጭር ሆኖ መገኘቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ወላጆቹ አጫጭር የሆኑ ልጅ እነርሱን ቢመስል ተፈጥሮ ነው። አንዳንዱም ከእኩዮቹ ዘግይቶ ስለሚጎረምስ ለጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ ይቀርና በኋላ ይደርስባቸዋል። እነዚህ ሁለቱ ጤነኞች ናቸው። ነገር ግን እንደ እነርሱ እየሮጠና እየተጫወተ፣ ትምህርቱንም እየተከታተለ፣ ዕድገቱ ቀስ በቀስ የሚገታ ልጅ አለ። የዚህን ልጅ ሕመም የሚያጋልጠው ትኩሳት ወይም ቁርጥማት ሳይሆን የቁመት መለኪያ ነው።

ስለዚህ አስቀድማችሁ በቁመትና በዕድገት ፍጥነት መካከል ያለውን ልዩነት መረዳት ይገባችኋል። ቁመት ልጁ ዛሬ የደረሰበትን ያመለክታል፤ የዕድገት ፍጥነት ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደ ጨመረ ይነግረናል። ጤነኛ ልጅ ከ4 ዓመቱ ጀምሮ እስከ ጉርምስና ዋዜማ ድረስ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። አጭር ሆኖ በዚህ ፍጥነት የሚያድግ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አያሳስብም። በአንጻሩ በዓመት 4 ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላለት ልጅ፣ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ አጭር ባይሆንም፣ ምክንያቱ ሊመረመር ይገባል።

ልኬቱ ግን ትክክለኛ መሆን አለበት። ልጁ ጫማውን አውልቆ ተረከዙንና ጀርባውን ከግድግዳ አስጠግቶ ይቆማል፤ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ይመለከታል፤ ከራሱም ላይ አንድ ጠፍጣፋ መጽሐፍ ግድግዳውን አስነክቶ በመያዝ ከሥሩ ምልክት ይደረጋል። ሰው ከጧት ይልቅ ማታ በጥቂቱ ስለሚያጥር በየጊዜው በተመሳሳይ ሰዓት መለካት ይበጃል። በሁለት ልኬቶች መካከል ቢያንስ የ6 ወር ጊዜ ካልተሰጠ፣ ትንሽ የአለካክ ስሕተት ዕድገት መስሎ ሊታይ ይችላል።

አሁን አንዲት ተማሪን በምሳሌነት እንውሰድ። ይህች ልጅ በ8 ዓመቷ 126፣ በ9 ዓመቷ 129፣ በ10 ዓመቷ ደግሞ 131 ሴንቲ ሜትር ሆነች እንበል። በሁለት ዓመት ውስጥ የጨመረችው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ክብደቷ ግን ከ25 ወደ 33 ኪሎ ስላደገ፣ ቤተሰቦቿ ተመችቷታል እንጂ ታማለች ብለው አያስቡም። ጠጋ ብሎ ለጠየቀ ሰው ግን ሌሎች ከማይበርዳቸው ቀን ይበርዳታል፤ ቆዳዋ ይደርቃል፤ ሆዷም ይደርቅባታል። በትምህርቷ ደከም ያላለች በመሆኗ እነዚህን ምልክቶች አገናኝቶ ያየ የለም።

የዚህች ልጅ ሕመም የታይሮይድ ዕጢ መድከም ነው። ይህ ዕጢ በአንገት ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት በታች፣ ክንፏን እንደ ዘረጋች ቢራቢሮ ተቀምጦ ይገኛል። ታይሮክሲን የተባለውን ሆርሞን እየሠራ ወደ ደም ይልካል። ታይሮክሲን ሲያንስ የሰውነት ሥራ ሁሉ ይዘገያል፤ አጥንትም ማደጉን ይቀንሳል። ዕጢው ይህን ሆርሞን የሚሠራው ከምግብ በሚያገኘው አዮዲን ስለሆነ፣ የአዮዲን እጥረት ባለበት ደጋ አገር እንቅርት በብዛት ይታያል። አዮዲን በበቂ በሚገኝበት ስፍራ ግን ዋነኛው ምክንያት የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የገዛ ዕጢውን ማጥቃቱ ነው።

ይህን ለማወቅ የደም ምርመራ ይበቃል። ከአንጎል ሥር የምትገኘው ፒቱታሪ የተባለች ዕጢ ታይሮይድን የምታዝበት ሆርሞን አላት። ታይሮይድ ሲደክም እርሷ ትእዛዟን ታበዛለች። ስለዚህ የትእዛዙ ሆርሞን በደም ውስጥ በዝቶ፣ ታይሮክሲን ደግሞ አንሶ ከተገኘ ነገሩ ተለየ ማለት ነው። የእጅ ራጅ ቢነሣ የልጅቱ አጥንት ገና የ8 ዓመት ልጅ አጥንት ሊመስል ይችላል። ሕክምናው በየጧቱ በባዶ ሆድ የሚዋጥ የታይሮክሲን እንክብል ነው። ከብረት ወይም ከካልሲየም እንክብል ጋር አብሮ ከተዋጠ ግን በሚገባ ወደ ደም አይገባም።

ሁለተኛው ምሳሌያችን አንድ የ11 ዓመት ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት የጨመረው 3 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ክብደቱ ከ30 ወደ 29 ኪሎ ወርዷል። ፊቱ ገርጥቷል፤ ለደም ማነስ የብረት እንክብል ሁለት ጊዜ ቢታዘዝለትም አልተሻለውም። ተቅማጥ ስላልነበረው ሆዱን የጠረጠረ አልነበረም። ይሁን እንጂ ሕመሙ ያለው ከአንጀቱ ነው፤ ስሙም ሴሊያክ ይባላል።

በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው የአውሮፓ እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። ሴሊያክ ያለበት ሰው ይህን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ ኃይል ይነሣና የትንሹን አንጀት የውስጥ ገጽ ይጎዳል። ይህ ገጽ እንደ ምንጣፍ ፀጉር በቆሙ ጥቃቅን ጣት መሰል ነገሮች የተሸፈነ ነው። እነርሱ ሲጠፉ ምግቡ ቢበላም ብረቱ፣ ካልሲየሙና ሌላው ሁሉ ሳይመጠጥ ያልፋል።

የስንዴን ጥፋት የገለጠው ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪሌም ዲኬ ነው። እርሱ ከጦርነቱ በፊት ስንዴን ይጠረጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 መካከል በሆላንድ ረሃብ ገብቶ ዳቦ ሲጠፋ በሴሊያክ የሚሠቃዩ ልጆች ተሻላቸው፤ ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ዲኬም ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1950 አቀረበ።

ዛሬ ሕመሙ በመጀመሪያ በደም ምርመራ ይፈለጋል፤ ብዙ ጊዜም በጉሮሮ በሚገባ ቀጭን የመመልከቻ ቱቦ ከትንሹ አንጀት ቅንጣት ተወስዶ በአጉሊ መነጽር ይታያል። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ልብ በሉ። ልጁ ከምርመራው አስቀድሞ ስንዴ ካቆመ አንጀቱ ማገገም ስለሚጀምር ምርመራው ሕመሙን ላያገኘው ይችላል። ከሕመሙ ስም በኋላ እንጂ በፊት ምግብ መለወጥ አይገባም።

ሕክምናው መድኃኒት ሳይሆን ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው። ጤፍ ይህን ግሉተን ስለሌለው ለዚህ ሕመምተኛ ይስማማል። ነገር ግን እንጀራው ገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት ከሆነ፣ ወይም ጤፉ ስንዴ በተፈጨበት ወፍጮ ሳይጸዳ ከተፈጨ ጉዳቱ ይቀጥላል። በሶ፣ ቂንጬና የገብስ ቆሎም የተከለከሉ ናቸው።

እንግዲህ ሁለቱን ልጆች አነጻጽሩ። የሁለቱም ቁመት ተገትቷል፤ የልጅቱ ክብደት ግን ሲጨምር የልጁ ቀንሷል። ይህ ልዩነት ሐኪሙን ወደ ዕጢው ወይም ወደ አንጀቱ ይመራዋል እንጂ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ዕድገትን የሚገታ ሌላም ብዙ ነገር አለና፤ የምግብ እጥረትም ከእነዚህ አንዱ ነው። ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ልጅ ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ።

ሕክምናው በጊዜ ከተጀመረ ልጁ ከተለመደው ፍጥነት በላይ እያደገ ያመለጠውን ያካክሳል። ነገር ግን በጉርምስና ማብቂያ የአጥንቶች ማደጊያ ጫፎች ይዘጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ሕመሙ ቢታከም እንኳ የጠፋው ቁመት አይመለስም። በበር መቃን ላይ ሁለት ምልክቶች ተቀራርበው ሲገኙ ሦስተኛውን ዓመት መጠበቅ የማይገባው ስለዚህ ነው።

ጥያቄዎች

1. አንድ ልጅ በ7 ዓመቱ 115፣ በ9 ዓመቱ 126 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከእኩዮቹ ያጥራል። የዕድገቱን ፍጥነት አስልታችሁ ያሳስብ እንደ ሆነ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።
2. ምንባቡ ሁለቱን ሕመሞች ያነጻጸረባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ለይታችሁ ጻፉ።