ስለ ዱካክ ለወጣቶች የተደረገ ንግግር

ባለፈው ወር በሰንበት ትምህርት ቤታችን ስለሚያስፈራ ሕልም ንግግር አድርገን ስንጨርስ፥ ዐሥራ ሰባት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ተነሥቶ፥ «የኔታ፥ ዓይኔ ተገልጦ ሳለ እጄን ማንሣት ያቅተኛል፤ ጥላ የሚመስል ነገር ደረቴ ላይ ይቀመጣል፤ ልጮኽ ብል ድምፄ አይወጣም» አለን።

ይህ በሀገራችን ዱካክ የሚባለው ነው። ጎረቤት መተት ነው ብላዋለች፤ ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ስቆበታል። ልጁም አንደኛዋን ፈርቶ፥ በሁለተኛው አፍሮ፥ መኝታውን እየሸሸ እስከ እኩለ ሌሊት መቀመጥ ጀመረ። ጉዳቱ የባሰው በዚህ ነው፤ እንቅልፍ ያነሰው ሰው ዱካክ ይደጋግመዋልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕልም በብዛት በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል፥ ያለምነውን በእጅና በእግራችን እንዳንፈጽመው ሰውነታችን እንደ ታሰረ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ግን ማሰሪያው ሳይፈታ አእምሮ ቀድሞ ይነቃል። ያን ጊዜ ዓይን ክፍሉን ያያል፤ ሕልሙም ገና ስላላለቀ ጥላውን በክፍሉ ውስጥ ያቆመዋል። የደረት ጡንቻ ስለ ላላ መተንፈስ የከበደ ይመስላል እንጂ እስትንፋስ አይቋረጥም። ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሰኮንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ በራሱ ይለቃል።

ልጁን መቼና እንዴት እንደሚተኛ ጠየቅነው። ቅዳሜ ሌሊት ማኅሌት ቆሞ ያድራል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጀርባው ተንጋሎ ይተኛል፤ ዱካኩም የሚመጣው በዚያው ቀን ነው። እንቅልፍ ማጣትና መንጋለል ሁለቱም ዱካክን ይጋብዛሉ። ስለዚህ ማኅሌቱን አልከለከልነውም፤ በጎኑ እንዲተኛ፥ በሌላው ቀን ሁሉ በአንድ ሰዓት እንዲጋደም ነገርነው። ሲይዘው ደግሞ መላ አካሉን ለማንሣት እንዳይታገል፥ በቀስታ እየተነፈሰና በልቡ አቡነ ዘበሰማያት እየደገመ የእግሩን አውራ ጣት ብቻ ለማንቀሳቀስ እንዲሞክር መከርነው።

አንዲት ልጅ፥ «ታዲያ የዮሴፍ ሕልምስ?» አለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። እግዚአብሔር በሕልም እንደ ተናገረ እናምናለን፤ ዳሩ ግን መጽሐፈ ሲራክ ሕልም ብዙዎችን እንዳሳተ ያስጠነቅቃል። በዱካክ ምክንያት ጎረቤትን በመተት የሚከስ ሰው ከሁለተኛው ወገን ነው። የከበደው ለነፍስ አባቱ ይንገር። ቅዠቱ ከደረሰበት መከራ በኋላ በየሳምንቱ የሚመላለስበት፥ ወይም ቀን በሥራ ላይ ሳለ እንቅልፍ በድንገት የሚጥለው ግን ሐኪምም ዘንድ ይሂድ።

ከአራት ሳምንት በኋላ ልጁ መጣ። ዱካኩ ሁለት ጊዜ ተመልሶበታል። በመጀመሪያው ጊዜ ምክራችንን ፈጽሞ ረስቶት ነበር፤ በሁለተኛው ግን ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ጥላው እንደ ጠፋ፥ ወዲያውም በጎኑ ዞሮ እንደ ተኛ አጫወተን።