ዋጋው ስላይዱ ላይ ይጻፍ

የ12ኛ ክፍል ልጅ ያለው ወላጅ ስልኩን በከፈተ ቁጥር አንድ የቱቶሪያል ማስታወቂያ ሳያይ አይውልም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እየተሰጠ ነው። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ ስንቱ ቤት እንደደነገጠ አይረሳም። አስጠኚዎችም ወላጁን የሚያገኙት እዚያው ስልኩ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በጣት እየተገፉ በሚታዩ ተከታታይ ምስሎች፣ ካሮሴል በሚባለው።

ብዙዎቹ ማስታወቂያዎች ግን ጌጥ በዝቶባቸው ወላጁ የሚፈልገውን ሳይነግሩት ያልቃሉ። የመጽሐፍ ቁልል፣ የምረቃ ቆብ፣ «ስኬትዎ የእኛ ደስታ ነው»፣ ከዚያ ስልክ ቁጥር። ወላጅ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ መቼ ነው፣ ስንት ነው፣ ሳልከፍል ማየት እችላለሁ ወይ?

መገናኛ አካባቢ ሒሳብና ፊዚክስ የሚያስጠና አንድ መምህር አለ እንበል። ስድስት ስላይድ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ላይ በትልቁ «የ12ኛ ክፍል ሒሳብና ፊዚክስ፣ ቅዳሜና እሁድ፣ መገናኛ» ብቻ ይጻፍ። ቴሌግራም እስከ 10 ምስል በአንድ ላይ ቢያስለጥፍም ቻናሉ ላይ የሚታዩት አንድ ላይ ተገጣጥመው ስለሆነ ከኋላ ያሉት ያንሳሉ፤ ሰው ነካ አድርጎ የሚከፍተው የፊተኛው ካነጋገረው ነው። ሁለተኛው ማን እንደሚያስተምርና የት እንዳስተማረ፣ ሦስተኛው ምን እንደሚሸፈን ይናገራል። እነዚህ ብዙ አያስቸግሩም። ችግሩ ያለው በቀሩት ሦስቱ ላይ ነው።

ከፕሮግራሙ እንጀምር። «8:00 - 10:00» ብሎ የጻፈ አስጠኚ ሁለት ዓይነት ተማሪ ይመጣበታል፦ አንዱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በር ያንኳኳል፣ ሌላው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ከካንቫ የተወሰደው አብነት በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር የተሠራ ስለሆነ ቁጥሩን ብቻ ለውጦ መተው አይበቃም። «ቅዳሜ ከቀኑ 8:00 እስከ 10:00» ብሎ መጻፍ ነው፤ ቀኑም «ጥቅምት 1» ተብሎ በእኛው አቆጣጠር ይቀመጥ። ሰዓቱ ራሱ ሲመረጥም አካባቢውን ማየት ያስፈልጋል። ቅዳሜ ጠዋት ማካካሻ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ፣ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ከ12 ሰዓት በፊት ካለቀ ልጅቷ ታክሲ ሳይጨልምባት ትይዛለች። «ስንት ሰዓት ትለቋቸዋላችሁ?» ብላ የምትደውል እናት መልሱን ስላይዱ ላይ ብታገኘው ኖሮ አትደውልም ነበር።

ክፍያው ላይ ስንደርስ ነገሩ ይወሳሰባል። «ለዋጋ በኢንቦክስ ያነጋግሩን» የሚለው ልማድ እኔ የማልወደው ነው። ዋጋ የደበቀ ሰው ፊት አይቶ ያስከፍላል የሚል ጥርጣሬ ይወልዳል፤ አቅሙ የማይፈቅድ ወላጅም አፍሮ ሳይጠይቅ ያልፋል፤ መምህሩ ደግሞ ለማይመዘገቡ ሰዎች መልስ ሲጽፍ ያመሻል።

ዋጋ መጻፍም ግን ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለምሳሌ መምህሩ «በወር 2,400 ብር» አለ እንበል፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት። ስምንት ክፍለ ጊዜ ብሎ ካሰበ 16 ሰዓት ነው፣ ሰዓቱ 150 ብር ይደርሳል። ነገር ግን ወራችን 30 ቀን በመሆኑ ከሰባቱ ዕለታት ሁለቱ በየወሩ አምስት ጊዜ ይመጣሉ። ጥቅምት 2018 ቅዳሜ ስለገባ ቅዳሜውም እሁዱም አምስት አምስት ሆኑ፤ አስር ክፍለ ጊዜ ማለት ነው። መምህሩ በዚያው 2,400 ብር 20 ሰዓት አስተማረ፣ ሰዓቱም ወደ 120 ብር ወረደበት። ኅዳር ደግሞ ሰኞ ስለገባ ወደ ስምንት ተመለሰ፤ ባለፈው ወር አስር ጊዜ የተማረው ልጅ አባት «ሁለት ቀን ቀረ» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥር ላይ ዘጠኝ ይደርሳል፤ እሁድ ጥር 10 ግን ከተራ ነው፣ ማን ይመጣል?

ስለዚህ ክፍያውን በወር ሳይሆን በክፍለ ጊዜ ማሰር ይሻላል፦ «8 ክፍለ ጊዜ (16 ሰዓት) 2,400 ብር»። ከሥሩ ሦስት አጫጭር መስመር ይበቃል። በበዓል የተዘጋ ክፍለ ጊዜ አይቆጠርም። መምህሩ ከቀረ ይካካሳል። ተማሪው ከቀረ ግን ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? እዚህ ላይ መምህሩ የፈለገውን ይወስን፣ ብቻ ወስኖ ይጻፈው። በቴሌብር ይሁን በባንክ የሚከፈልበት መንገድና የተማሪ ማስታወሻ ዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተቱም እዚሁ ይግባ። ወላጅን የሚያስቆጣው ብዙውን ጊዜ ዋናው ክፍያ ሳይሆን ሁለተኛው ሳምንት ላይ የሚመጣው «የወረቀት 200 ብር» ነው።

የሙከራው ስላይድ «ነጻ የሙከራ ትምህርት አለን» ብሎ ከቀረ ምንም አልነገረንም። በምትኩ «ቅዳሜ መስከረም 24፣ ከቀኑ 8:00 እስከ 9:30፣ 12 ተማሪ፣ በስልክ መልእክት ስም ያስመዝግቡ፣ በዕለቱ ክፍያ አንቀበልም» ቢል ሁሉም ነገር ተቀመጠ። የመጨረሻዋ ሐረግ ቀላል አይደለችም፤ ወላጁ ዞር ብሎ ለማሰብ ጊዜ እንደሚሰጠው ያውቃል። በዘጠና ደቂቃው ውስጥ ምን እንደሚሠራም ይነገር፦ ካለፉት ዓመታት ፈተና አስር ጥያቄ ለ20 ደቂቃ፣ ከዚያ ተማሪዎቹ በብዛት የሳቱትን ሦስቱን መፍታት። ልዩ የተዘጋጀ ቀላል ትምህርት የሚያሳይ አስጠኚ ልጁን ለአንድ ቀን ያስደስተዋል እንጂ ምን እንደሚጎድለው አይነግረውም።

ከስላይዱ መውጣት ያለባቸውም አሉ። «መቶ በመቶ ያልፋሉ» የሚል አስጠኚ ሊጠብቀው የማይችለውን ቃል እየገባ ነው። «የፈተናውን ጥያቄ እናውቃለን» የሚል ደግሞ ወይ ይዋሻል ወይ ወንጀል ውስጥ ነው፤ ወላጁ ይሽሸው። የቀድሞ ተማሪን የውጤት ስክሪንሾት ከነስሙና ከነመለያ ቁጥሩ መለጠፍም ልክ አይደለም፤ ልጁ ባይከፋው እንኳ ፈቃዱን የጠየቀው የለም።

አንድ የማይታሰብ ነገር አለ። ልጁ ማስታወቂያውን ሙሉውን ለአባቱ አይልክም፤ የዋጋውን ገጽ ስክሪንሾት አድርጎ «ይኼ እንዴት ነው?» ብሎ ይልካል። አባት ጋ የደረሰው ምስል ላይ የመምህሩ ስምም ስልክም ከሌለ ነገሩ እዚያው ቀረ። ስለዚህ በስድስቱም ስላይዶች ግርጌ ስም፣ ስልክና አካባቢ በትንሹ ይደገም። ትንሽ ሲባል ግን የማይነበብ ማለት አይደለም። ፊደላችን ጭረት ይበዛበታልና ቀጭን ሆኖ ሲጻፍ «ጨ» እና «ጬ» ይመሳሰላሉ፤ ቴሌግራም ደግሞ ምስሉን ሲልክ ጥራቱን ይቀንሳል። ከመለጠፉ በፊት ለራስ ልኮ፣ ስክሪኑ የተጫረ ርካሽ ስልክ ላይ ከፍቶ ማየት ነው።

የሙከራውን ስላይድ ስድስተኛና መጨረሻ ማድረግም ምክንያት አለው። ቀኑ ሲያልፍ ቴሌግራም ላይ ምስሉን በአዲስ መተካት፣ ኢንስታግራም ላይ ደግሞ ያንን አንዱን ብቻ መሰረዝ ይቻላል፤ ሌሎቹ አምስቱ እንዳሉ ይቆያሉ። ከተለጠፈ በኋላ የሚመጡትን ጥያቄዎች መቁጠር ይጠቅማል። አሁንም «ስንት ነው?» የሚል ከበዛ የዋጋው ስላይድ አልተነበበም ማለት ነው፤ ወደ ሁለተኛ ቦታ ይምጣ። ጥያቄው «ኬሚስትሪስ አለ?» ወደሚል ከተለወጠ ግን ስላይዶቹ ሥራቸውን ሠርተዋል፤ መምህሩ የኬሚስትሪ አስጠኚ ቢፈልግ ይሻለዋል።