አርብን ነጻ የሚያደርግ ድምፅ

በካሊፎርኒያ ሕግ በቀን ከ8 ሰዓት ያለፈ ሥራ ትርፍ ሰዓት ነው፤ ክፍያውም አንድ ተኩል እጥፍ። ስለዚህ አንድ መጋዘን «ከሰኞ እስከ ሐሙስ በቀን 10 ሰዓት ትሠራላችሁ፣ አርብ እረፍት ነው» ብሎ በራሱ ቢወስን፣ በሰዓት 20 ዶላር የሚያገኝ ሠራተኛ በሳምንት 8ቱ ሰዓት በ30 ዶላር ይታሰብለታል። አሠሪው ከዚህ ጭማሪ የሚድነው የሥራ ክፍሉ ሠራተኞች በምስጢር ድምፅ ሰጥተው በሁለት ሦስተኛ ከተስማሙ ብቻ ነው። ሠራተኛው ለአርብ እረፍቱ በሳምንት 80 ዶላር ይተዋልና፣ ድምፁን ከመስጠቱ በፊት ሊያሰላው ይገባል።

ከጸደቀስ በኋላ? ከጠዋቱ 1 ሰዓት የገባ ሠራተኛ ግማሽ ሰዓት ያለ ክፍያ ምሳ በልቶ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ይወጣል። ምሳው ከ6 ሰዓት ማለፍ የለበትም። በመካከሉ የሚከፈልባቸው ሁለት የ10 ደቂቃ እረፍቶች አሉት።

አደጋው ከአሥረኛው ሰዓት በኋላ ነው። ጭነት ዘግይቶ አንድ ሰዓት ቢቆይ ያ ሰዓት በ30 ዶላር ይከፈላል፤ ሦስተኛ አጭር እረፍትና ሁለተኛ የምግብ ሰዓትም ይገባዋል። ሁለተኛውን ምግብ በስምምነት መተው የሚቻለው የቀኑ ሥራ ከ12 ሰዓት ካላለፈና የመጀመሪያው ካልተተወ ነው። አርብ ከተጠራም፣ 40ው ሰዓት ሞልቷልና ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ትርፍ ሰዓት ነው።